ጥቆማ፦ ሰርግ ላይ በሀበሻ ቀሚስ የተነሳሁትን ፎቶ ምን ብዬ ልለጥፈው?

የፒያሳዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ የልጅነት ጓደኛዬ ሰርግ ነበር፣ ከጊዮርጊስ ስንወጣ ታናሽ ወንድሜ በስልኩ ያነሳኝ ፎቶ በጣም አምሮብኛል። ቀሚሱ ነጭ ነው፣ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ነጠላው አብሮት ሽሮ ሜዳ የተሸመነ። ካፕሽኑ ሞቅ ያለ ሆኖ ትንሽ የሚያስቅ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቴሌግራም ላይ ካፕሽን የሚለቁ ቻናሎች አሉ፣ ፎቶ ኤዲት የሚያደርግልኝ ልጅ ደግሞ በ150 ብር ጽፌ እሰጥሻለሁ ብሎኛል። የቱ ይሻላል?

አራት ኪሎ፦ የቻናሉን እኔ ሞክሬዋለሁ። ጽሁፉ ያምራል ግን ከኔ በፊት ሁለት የአክስቴ ልጆች ያንኑ ለጥፈውት ነበር፣ ሶስታችንም አንድ ሰርግ ላይ ነበርን። ኤዲተሩ ይሻላል፣ ግን ሙሽራዋ ምንሽ እንደሆነች፣ ቀሚሱን ማን እንዳሰራልሽ ካልነገርሽው እሱም ከቻናሉ ነው የሚያመጣልሽ።

እትዬ፦ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ!

የፒያሳዋ፦ አሜን እትዬ፣ ሙሽራዋ ግን እኔ አይደለሁም፣ ምርቃቱን ለጓደኛዬ አደርስልዎታለሁ።

ካዛንቺስ፦ ለምን ብር ታወጫለሽ፣ በነጠላ ተጫወቺበት። «ነጠላ ለብሼ የመጣሁት ነጠላ ስለሆንኩ ነው።» ነጠላ የተባለውም አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ልክ ይገጥማል።

የሸማኔ ልጅ፦ ሀሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ነጠላ አንድ አይደለም። አባቴ ሸማኔ ነው፣ ነጠላ ሁለት ስስ ሸማ ተደርቦ የሚሰራ ነው፣ ጋቢ ደግሞ አራት። ስለዚህ ቀልዱን ገልብጪው፣ የበለጠ ይጣፍጣል፦ «ነጠላዬ እንኳን ሁለት ሆና ነው የመጣችው፣ የኔም ተራ ቀርቧል።» የሀበሻ ልብስ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ እናቶች ደግሞ ሳቃቸውን አይዙትም። መጀመሪያ ግን ጫፉን በሁለት ጣትሽ ያዥና ለይተሽ እይው፣ ሁለት ሆኖ ካልተላቀቀ የፋብሪካ ሻርፕ ሊሆን ይችላልና ይሄ ካፕሽን ላንቺ አይሆንም።

የፒያሳዋ፦ አሁን ለይቼ አየሁት፣ ሁለት ነው!! በቃ ይሄን ወሰድኩ፣ ፎቶውንም እዩልኝ ብዬ እዚሁ ለጥፌዋለሁ።

የሸማኔ ልጅ፦ እህቴ ቀሚሱ በጣም ያምራል፣ ግን ነጠላውን ልብ ብለሽ እይው። ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ጉንጭሽ አጠገብ ነው ያለው። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው፣ በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከስሩ ተራዬ ቀርቧል ብለሽ ስትጽፊ አንድ ትልቅ ሰው ካየው ይደነግጣል፣ ማን ሞተ ብሎ ይደውልልሻል።

ካዛንቺስ፦ ሰልፊ እኮ ይገለብጣል፣ ካሜራው ይሆናል።

የሸማኔ ልጅ፦ ሰልፊ ቀኙን ግራ ያደርጋል እንጂ ላዩን ታች አያደርግም፣ ደግሞ እሷ ወንድሜ ነው ያነሳኝ ብላለች።

የፒያሳዋ፦ ወይኔ፣ ንፋስ ስለነበር አንስቼ አንገቴ ላይ ጠቅልዬው ነበር፣ ያኔ ነው የተገለበጠው። ኤዲተሩ ያስተካክለዋል?

አራት ኪሎ፦ ኤዲት አታስደርጊው፣ የጥለቱ መስመር ይሰበርና ያስታውቃል። ወንድምሽ አንድ ብቻ አንስቶ አይተውም፣ ስልኩን ተቀብለሽ ሌሎቹን እያቸው።

ስድስት ኪሎ፦ ኧረ አሁን ማን ያያል፣ ግማሹ የከተማ ልጅ እንደመጣለት ነው የሚጥለው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ፈገግታሽ ካማረ እሱን ለጥፊ።

እትዬ፦ እኛ እናያለን የኔ ልጅ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥር ሰርግ ላይ እንደዚሁ አድርጋ ለጥፋ፣ እናቷ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስታነሳ ዋለች።

የፒያሳዋ፦ ስድስት ፎቶ አገኘሁ፣ አራተኛው ላይ ጥለቱ ወደ ታች ነው፣ ፈገግታው ትንሽ ቢቀንስም እሱን አደርጋለሁ። ካፕሽኑን እንዲህ አስተካከልኩት፦ «ነጠላዬ እንኳን ሁለት ሆና መጥታለች፣ ሙሽሪት ደግሞ ሁለት ሆነች፣ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ዕቅፍ አበባው ወዴት ነው የተወረወረው?» ረዘመ እንዴ?

አራት ኪሎ፦ ኢንስታግራም መጀመሪያውን ብቻ አሳይቶ ሌላውን ይደብቀዋል፣ የነጠላዋ ነገር ከፊት ስለሆነ ግን ችግር የለውም። ዕቅፍ አበባውን እኔ ብሆን አወጣው ነበር፣ ቀልዱ ነጠላዋ ላይ ቢያልቅ ይሻላል። የሸማኔሽን ስም ደግሞ ከስሩ ጻፊለት፣ ስራ ያመጣለታል።

የፒያሳዋ፦ ሸማኔውን እጽፋለሁ፣ አበባውን ግን እወደዋለሁ። ሙሽራዋ የራሷን እስክትለጥፍ ልጠብቅ ወይስ ዛሬውኑ?

ስድስት ኪሎ፦ ዛሬውኑ።

እትዬ፦ የመልሱ ድግስ ይለፍ።