ሮም ልሄድ ነው፤ ከኤቲኤም ላውጣ ወይስ ፕሪፔይድ ካርድ ልያዝ?

ጠያቂዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር እህቴን ልጠይቅ ሮም ልሄድ ነው። የባንኬ ዴቢት ካርድ ውጭ አገር ስጠቀምበት 3 በመቶ ይቆርጣል። ከኤቲኤም ሳወጣ ደግሞ በየጊዜው 5 ዶላር ይጨምራል። ፕሪፔይድ የጉዞ ካርድ ያዢ ያሉኝም አሉ። 300 ዩሮ በእጄ ቢኖር ይበቃኛል። የቱ ይሻለኛል?

ከዳላስ፦ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በዩሮ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ዶላር በይ። ዶላር ከሆነ ባንክሽ 3 በመቶዋን አይነካም።

ከሲያትል፣ ባንክ የምሠራ፦ ወንድሜ፣ እሱ ነው ሰው የሚያስበላው። ብዙ ባንኮች የሚያዩት ማሽኑ ያለበትን አገር ነው። ዶላር ብትልም 3 በመቶው አይቀርም። ምንዛሪውን ደግሞ የማሽኑ ባለቤት እንደፈለገ ይቆርጠዋል።

እህቴ፣ በቁጥር እንየው። 1 ዩሮ 1.10 ዶላር ነው እንበል። 300 ዩሮ 330 ዶላር ይሆናል። አንዴ ብታወጪ 3 በመቶው 9.90 ነው፤ ከ5 ዶላሩ ጋር 14.90። መቶ መቶ እያልሽ ሦስቴ ብታወጪ 24.90 ይደርሳል። ዶላር ብለሽ ማሽኑ በምንዛሪው 8 በመቶ ቢጨምርብሽ ግን፣ አንዴ አውጥተሽም 42 ዶላር ገደማ ይሄዳል።

ስክሪኑ ላይ «Accept conversion» እና «Decline conversion» ሲመጣ «Decline conversion» የሚለውን ንኪ። ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚከለከል እየመሰለው ይፈራል። አይከለከልም፣ ዩሮው ይወጣል።

ከሚኒያፖሊስ፦ ልጄ፣ ለእህትሽ ከሆነ ለምን በሐዋላ አትልኪላትም? ካርድ ምን ያደርጋል?

ጠያቂዋ፦ አይ ጋሼ፣ ለራሴ ወጪ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ከአትላንታ፦ እኔ ሊዝበን በፕሪፔይድ ሄጄ ነበር። 500 ዩሮ ሞላሁ። ቻርጅ የለውም የተባለው እውነት ነው፤ ግን የሞሉልኝ በዕለቱ ከነበረው ምንዛሪ 4 በመቶ አስወድደው ነው። ያ ብቻ 20 ዩሮ ነው። ሆቴሉ ደግሞ 150 ዩሮ መያዣ ቆለፈብኝ። የተለቀቀው አትላንታ ከገባሁ ከሳምንት በኋላ ነው። የተረፈውን ወደ ዶላር ስመልስ እንደገና ቆረጡኝ።

ከሲያትል፦ ለዚህ ነው «ቻርጁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የማይበቃው። «330 ዶላር ብሰጣችሁ ካርዱ ላይ ስንት ዩሮ ይገባል?» በያቸው። 300 ካልሞላ፣ የጎደለው ነው ቻርጁ። ፕሪፔይድ የሚጠቅመው ካርዴ ይሰረቃል ብሎ ለሚሰጋ ነው፤ ከዋናው ሒሳብ ጋር አይገናኝምና።

ከዳላስ፦ የእኔ ባንክ ግን በዶላር ስከፍል ምንም አልቆረጠም። ስቴትመንቴን አይቻለሁ።

ከሲያትል፦ ሊሆን ይችላል፤ ባንክ ከባንክ ይለያያል። ምንዛሪው ስንት እንደነበርስ አይተሃል?

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ባንኬ ደወልኩ። በቀን ከኤቲኤም ማውጣት የምችለው እስከ 300 ዶላር ነው አሉኝ። ስለዚህ 300 ዩሮ በአንዴ አይወጣም ማለት ነው። ለጉዞው ብላችሁ ከፍ አድርጉልኝ ብያቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። እንዲህ ጠይቆ የተፈቀደለት ሰው አለ?