4.8 ኮከብ ምን ያህል ይታመናል?

ሰሚራ (ድሬዳዋ)፦ መብራት ሲጠፋ ትንሽ ማራገቢያ የሚያንቀሳቅስልኝ ፓወር ባንክ ስፈልግ፣ ከማላውቀው የመገበያያ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ብራንድ አገኘሁ። 50,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል ይላል፤ ክብደቱ 230 ግራም ነው። 4.8 ኮከብና ከ2,000 በላይ አስተያየት አለው። እንዲህ ያለ ኮከብ ይታመናል ወይስ ጨርሶ መናቅ አለበት?

ዮናታን፦ መናቅ ነው እንጂ! ገንዘብ ያለው ሻጭ ኮከብ እንደ ሽንኩርት በኪሎ ይገዛል። ባለ አምስቱን ዝለይና ባለ አንድ ኮከቡን ብቻ አንብቢ። የተናደደ ገዢ ለመዋሸት ምክንያት የለውም።

ሐናን (ሐረር)፦ ዮናታን ግማሹን ልክ ነህ። ነገር ግን ባለ አንድ ኮከብም በተፎካካሪ ይገዛል፤ ያልተገዛውም ይሳሳታል። በፓወር ባንክ ላይ የተለመደውን ቅሬታ ተመልከት፦ «10,000 ብለው ሸጡልኝ፣ ስለካው 6,000 ገደማ ሆነ፤ ሌቦች!» ይላል። ሻጩ ግን አልዋሸም። በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው በውስጥ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት የተሰላ ነው፤ ወደ ስልክ የሚወጣው በ5 ቮልት ስለሆነ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ በሙቀትም የሚባክን አለ። የተናደደው ሰው ቅን ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም።

ሰሚራ፣ ከኮከቡ በፊት ክብደቱን እይ። 10,000 የሚይዝ ፓወር ባንክ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። 50,000 የሚይዘው ወደ አንድ ኪሎ መጠጋት አለበት። በ230 ግራም ያንን ያህል ሊይዝ አይችልም። እንግዲህ ከ2,000 ሰው መካከል «50,000 ሙሉ ነው፣ ለካሁት» የሚሉት በምን ለኩት?

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ስልክና ባትሪ እጠግናለሁ። ሐናን ልክ ናት፤ እንዲያውም ክብደትም ይጭበረበራል። አንድ ደንበኛ ያመጣውን «30,000» ከፍቼ አንድ ደካማ ባትሪ ብቻ አገኘሁ፤ ጎኑ ላይ ለማክበድ ብረት ተጣብቆበታል። ስለዚህ ቀላል ከሆነ ውሸት ነው፤ ከባድ ከሆነ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም።

ብርሃኑ፦ ይህ ሁሉ ክርክር ለምን? ዕቃው ደርሶ ሳይታይ ገንዘብ አለመክፈል ነው፤ አለቀ።

ሰሚራ፦ ጋሽ ብርሃኑ፣ ይህኛው ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ሐናን፣ አስተያየቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አደረግኋቸው። አብዛኞቹ የተጻፉት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ደግሞ «ቢላዋው ስለታም ነው፣ እጀታው ምቹ ነው» ይላሉ!

ሐናን፦ ተያዘ! ሻጩ ቀድሞ ቢላዋ ይሸጥበት የነበረውን ገጽ ፎቶውንና ስሙን ቀይሮ ፓወር ባንክ አደረገው። ኮከቡ ግን የቢላዋው ነው። ከዚያ በኋላ የጎርፍ ያህል በአንድ ሳምንት የገባውን ለብቻው አንብቢው፤ የአጻጻፉ መመሳሰል ይታይሻል።

ዮናታን፦ «የተረጋገጠ ገዢ» የሚል ምልክት ካለበትስ? እሱን ማመን ይቻላል።

ሐናን፦ እሱም አያድንም፣ ወንድሜ። ሻጩ ግዛና አምስት ኮከብ ስጥ፣ ገንዘብህን እመልስልሃለሁ ይላል። ግዢው እውነተኛ ነው፤ ምስክርነቱ ግን ተከፍሎበታል።

ማርታ፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ያዘዝኩት የጆሮ ማዳመጫ ሣጥን ውስጥ «አስተያየት ጻፉ፣ ቅናሽ ያገኛሉ» የሚል ካርድ ነበር። ዕቃው በእውነት ጥሩ ስለነበር አምስት ኮከብ ሰጠሁ፤ ቅናሹንም ወሰድኩ። የት ላይ ዋሸሁ?

ሐናን፦ አንቺ ላትዋሺ ትችያለሽ፤ የተበላሸበት ሰው ግን ቅናሹ እንዳይቀርበት ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ራቭፓወር የተባለው የታወቀ የፓወር ባንክ ብራንድ ከአማዞን ገበያ የተነሣው፣ ለአስተያየት የስጦታ ካርድ የሚያቀርብ ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ መኖሩ ከተዘገበ በኋላ ነው። ዕቃው ግን በብዙ ሰው ዘንድ ጥሩ የሚባል ነበር።

ማርታ፦ እንግዲያው የተከፈለበት ኮከብ መጥፎ ዕቃ ማለት አይደለም፤ ራስሽ ተናገርሽው።

ሐናን፦ አይደለም። ግን ኮከቡ ምንም አይነግረኝም፤ ሌላ መለኪያ እፈልጋለሁ። በሥዕል የታጀበ፣ ጉድለቱንም ጥቅሙንም የሚያወራ ባለ ሦስት ኮከብ አስተያየት ይሻለኛል።

ዮናታን፦ ባለ ሦስት ኮከብም ነገ ይገዛል።

ጋሽ ታደሰ፦ ሰሚራ ልጄ፣ 20,000 የሚል እዚህ ታገኛለሽ፤ በእጅሽ መዝኚው። ከዚያ ማራገቢያሽን ሰክተሽ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ንገሪን።

ማርታ፦ የገበያውም ባለ ሱቅ እኮ ኮከብ የለውም እንጂ ያወድሳል፣ ጋሽ ታደሰ!