ከስልክ በዋይፋይ ለማተም፦ ፕሪንተሩን እንቀይር ወይስ ፕለጊኑን? (ጥቆማ)

ጠያቂዋ፣ ከሐዋሳ

በአነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ውስጥ እንሠራለን፤ ሰነዶቻችን አብዛኛውን ጊዜ በቴሌግራም ስለሚደርሱን ኮምፒውተር ሳንከፍት በቀጥታ ከስልክ ማተም እንፈልጋለን። ያለን ፕሪንተር ኤፕሰን L3250 ሲሆን፣ የአንዷ ባልደረባችን ስልክ ወዲያው ያገኘዋል፤ የሌሎቻችን ስልኮች ግን ፈልገው ፈልገው ምንም ፕሪንተር እንዳላገኙ ይገልጻሉ። አንድ ሻጭ ሌላ እንድንገዛ መክሮናል። ወደ ኤችፒ M111w ብንቀይር ችግሩ ይፈታል ወይስ ስልኩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያገናኝ፣ ስልኩ ላይ የሚጫን የተሻለ ፕለጊን የምትጠቁሙን አለ?

ፕሪንተር ሻጭ፣ መገናኛ

እህቴ፣ ከመግዛትዎ በፊት የሞዴሉን ፊደል ይመልከቱ። M111w ዋይፋይ ያለው ሲሆን M111a ግን በገመድ ብቻ የሚሠራ ነው፤ በኤፕሰን በኩልም L3210 ዋይፋይ የለውም፣ L3250 አለው። በመጨረሻው ላይ e ያለባቸውን የኤችፒ ሞዴሎች፣ ለምሳሌ M110we፣ ለእኛ አገር ሁኔታ አልመክርም፤ የኢንተርኔት ግንኙነት፣ የኤችፒ አካውንትና የኩባንያውን ኦሪጅናል ቶነር የሚጠይቁ ናቸውና። የእርስዎ ችግር ግን ፕሪንተሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ስለሚሠራ የመጣ ይመስለኛል፤ ስልኮቹን በሙሉ ከ5 ወደ 2.4 አውርዷቸው፣ ከዚያም የኤፕሰንን ፕለጊን ጫኑባቸው።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ ስለ ሞዴሎቹ የሰጡት ምክር ትክክል ነው፤ ስለ 2.4 ያሉት ግን ለፕሪንተሩ እንጂ ለስልኩ አይሠራም። አንድ ራውተር ሁለቱንም ሞገዶች እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያገናኝ ከሆነ፣ እንደ አብዛኞቹ የቤትና የቢሮ ራውተሮች ሁሉ፣ ስልኩ በ5 ላይ ሆኖ በ2.4 ላይ ያለውን ፕሪንተር ያገኘዋል።

ጠያቂዋን የምመክረው ግን ምንም ከመግዛታቸውና ምንም ከመጫናቸው በፊት ጥፋቱ ከፕለጊኑ ነው ወይስ ከኔትወርኩ የሚለውን እንዲለዩ ነው። ይህን የሚለይ ቀላል ሙከራ አለ። በፕሪንተሩ ላይ ያለውን የኔትወርክ ሁኔታ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ሲይዙ የሚወጣው ወረቀት የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ ይነግርዎታል። አድራሻው ለምሳሌ 192.168.1.24 ከሆነ፣ ፕሪንተሩን ማግኘት ባልቻለው ስልክ ላይ ክሮምን ከፍተው እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

```
http://192.168.1.24
```

ኤፕሰን የሚል ገጽ ከተከፈተ (ስለ ደኅንነት ማስጠንቀቂያ ቢሰጥም አልፈው ይግቡ) መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፤ የቀረው የፕለጊኑ ጉዳይ ብቻ ነው። ገጹ ካልተከፈተ ግን የየኩባንያውን ፕለጊን ሁሉ ቢጭኑ ለውጥ አያመጣም፤ ስልኩ ወደ ፕሪንተሩ የሚደርስበት መንገድ የለውምና። ውጤቱን፣ ከሁለቱም ዓይነት ስልኮች አይፒ አድራሻ ጋር፣ እዚህ ቢጽፉልን መልካም ነው።

መምህር፣ ከደሴ

እኔም ከስልክ ሳትም የአማርኛው ጽሑፍ ወደማይነበብ ምልክት ይቀየርብኝ ነበር። ሰነዱ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች፣ ማለትም ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት፣ የተጻፈ ከሆነ ስልኩ ፎንቱን አያውቀውም። ሰነዱ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ ቢላክላችሁ ይስተካከላል።

ጠያቂዋ፣ ከሐዋሳ

መምህር፣ እናመሰግናለን፤ የእኛ ችግር ግን ከማተም በፊት ያለው፣ ፕሪንተሩን ማግኘቱ ነው።

ሙከራውን አድርገናል። የፕሪንተሩ አድራሻ 192.168.1.24 ነው። የሚሠራው ስልክ 192.168.1 ብሎ ሲጀምር፣ የማይሠሩት ሁሉ 192.168.8 ብለው ይጀምራሉ፤ በእነዚህኛዎቹ ላይ ገጹ አልተከፈተም። ቢሮው ውስጥ የመደበኛው መስመር ራውተር አለ፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም ብለን የገዛነው ባለ ሲም ካርድ የ4ጂ ራውተርም አለ።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

እንግዲያው ችግሩ ተገኝቷል፤ ፕሪንተሩም ፕለጊኑም ጥፋት የለባቸውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች አሏችሁ። ስልክ ፕሪንተር ሲፈልግ «እዚህ ፕሪንተር አለ ወይ?» የሚል ጥሪ ያሰማል፤ ይህ ጥሪ ካለበት ኔትወርክ አይወጣም። በ4ጂ ራውተሩ ላይ ያሉት ስልኮች የሚጠሩት በአንድ ቤት፣ ፕሪንተሩ የተቀመጠው በሌላ ቤት ነው። M111w ገዝታችሁ በዚያው በመደበኛው ራውተር ላይ ብታስገቡት ኖሮ ያው ችግር ይጠብቃችሁ ነበር።

ቀላሉ መፍትሔ ፕሪንተሩን ብዙዎቹ ስልኮች ወዳሉበት ወደ 4ጂው ራውተር ማዛወር ነው። ለማተም የኢንተርኔት መኖር አያስፈልግም፤ ራውተሩ መብራት ኖሮት እስከሠራ ድረስ፣ የሲም ካርዱ ጥቅል ቢያልቅም ሰነዱ ስልኩ ላይ እስካለ ድረስ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛ፣ ስልኮቹ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ፣ ወይም በራውተሩ ቅንብር ውስጥ AP Isolation የሚባለው ከበራ፣ በአንድ የዋይፋይ ስም ስር ያሉ መሣሪያዎችም አይተያዩም። ሁለተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለፕሪንተሩ አዲስ አድራሻ ሊሰጠው ስለሚችል፣ በራውተሩ ገጽ ላይ አድራሻውን ለፕሪንተሩ ብቻ እንዲይዝለት አድርጉ።

ስለ ፕለጊን ከጠየቁኝ፣ አንድሮይድ 8 እና ከዚያ በላይ ባሉ ስልኮች ላይ Default Print Service ከስልኩ ጋር ስለሚመጣ በመጀመሪያ እርሱን ብቻ እንዲሞክሩ እጠቁማለሁ። በቅንብሩ ውስጥ ፕሪንተርን በአይፒ አድራሻ የመጨመር ምርጫ ስላለው፣ ገጹ እየተከፈተ ፍለጋው ብቻ እምቢ ሲል ይህ ይረዳል። እርሱ ካልሠራ Mopria Print Service ወይም የኤፕሰን Smart Panel ይቀጥላል። ሁሉንም በአንድነት አብርቶ መተው አያስፈልግም፤ ያው ፕሪንተር በዝርዝሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እየታየ ሠራተኞቹን ያደናግራል።

ተማሪ፣ ከጎንደር

በእኔ ስልክ ኔትወርኩም አንድ ሆኖ ፕሪንተሩ አይታይም ነበር፤ ምክንያቱ ቪፒኤን ነበር። አጥፍቼው ስፈልግ ወዲያው ታየ። ቢሮ ውስጥ ቪፒኤን የሚጠቀም ካለ ይፈትሹ።

ፕሪንተር ሻጭ፣ መገናኛ

የአድራሻውን ነገር ከደንበኞቼ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ከእንግዲህ እጠይቃለሁ። ሆኖም በወር ብዙ ሪም ወረቀት የምታትሙና ጥቁር ጽሑፍ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሌዘር ይሻላችኋል የሚለውን ሐሳቤን አልለውጥም።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

በዚያ አልከራከርዎትም፤ ለፍጥነትና ለጽሑፍ ሌዘር ጥሩ ነው። ስልክ ፕሪንተር አላገኘም ተብሎ ግን አይገዛም።

ጠያቂዋ፣ ከሐዋሳ

ፕሪንተሩን ወደ 4ጂው ራውተር አዛውረነዋል፤ የአንድሮይድ ስልኮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ያለምንም ተጨማሪ ፕለጊን አግኝተውታል። በአንዱ ላይ ቪፒኤን በርቶ ነበርና የጎንደሩ ወንድማችን ምክር ጠቅሞናል። በሌላው ስልክ ላይ ግን ፕሪንተሩ እየታየ ትእዛዙ በወረፋ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ገጹ ግን በክሮም ይከፈታል። የሥራ አስኪያጃችን አይፎን ደግሞ ፕሪንተሩን አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ አያገኘውም።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

በወረፋ የሚቆመው ስልክ ላይ ወደ አፕሊኬሽኖች ዝርዝር ገብተው፣ የሲስተም አፕሊኬሽኖችንም እንዲያሳይ አድርገው፣ Print Spooler የሚለውን ይፈልጉና በ Storage ስር ያለውን ዳታ ያጽዱ፤ የድሮው አድራሻ እዚያ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ካጸዱ በኋላ ፕሪንተሩን እንደ አዲስ ይጨምሩት።

የአይፎኑ ነገር ግን ይከብዳል። የስልኩ የራሱ የማተሚያ መስኮት በፍለጋ ላይ ብቻ ስለሚመሠረት፣ እንደ አንድሮይዱ አድራሻ በእጅ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ለጊዜው ሰነዱን በኤፕሰን Smart Panel በኩል ያትሙ። ፍለጋው አንዴ እየሠራ አንዴ የሚቀርበትን ምክንያት ግን ራውተሩን ሳላይ መናገር አልችልም፤ የራውተሩን ሞዴል ከጀርባው አንብበው ቢጽፉልን፣ ያንኑ ራውተር የሚጠቀም ሰው ልምዱን ሊያካፍለን ይችላል።