ለጋራ ሰነዳችን፦ ዋልካ መሬት ላይ የትኛው መሠረት?

ፀሐፊዋ፦ ሰላም አባላት። ከቤት ግንባታ ሰነዳችን የቀረን የመሠረቱ ክፍል ነው። ረቂቁ «በየግድግዳው ሥር የድንጋይ መሠረት» ይላል። ቦታችን ዋልካ ስለሆነ ማት፣ ማለትም ከቤቱ ሥር በሙሉ የሚነጠፍ ፌሮ ያለው የኮንክሪት ሰሌዳ ይሁን የሚሉ አሉ። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉ።

ግንበኛው፦ ጥልቀት ነው ዋናው። የሚሰነጠቀው 60 ሳንቲ ቆፍሮ የሚገነባው ነው። 1 ሜትር ተኩል እናውርደው፣ ከላይ ግሬድ ቢም የሚባለው የኮንክሪት ማሰሪያ ይሠራ፣ አለቀ።

የዓባይ ማዶ አባል፦ የእኔ ቤት ከመስኮቱ ራስ ወደ ማዕዘኑ አቅጣጫ ሰያፍ ተሰንጥቋል። ሚያዝያ ላይ ጣት ያስገባል፣ ነሐሴ ላይ ይጠባል። በበጋ በሲሚንቶ ባስደፍነው ክረምት ላይ ልስኑ ተፈንቅሎ ወደቀ። ብሎኬቱን የሸጠልኝን ልክሰሰው?

ኢንጂነሩ፦ ብሎኬት ሻጩን ተወው። ስንጥቁ የሚሰፋው ከላይ ነው ከታች?

የዓባይ ማዶ አባል፦ ከላይ። ከማዕዘኑ ደጅ ባሕር ዛፍም አለ።

ኢንጂነሩ፦ እንግዲያው በበጋ ማዕዘኑ ይወርዳል። ከቤቱ መሀል ሥር ያለው አፈር ጥላ ስላለው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ዳር ዳሩ ግን ደርቆ ይሸማቀቃል፣ ዛፉም ይመጠዋል። ክረምት ሲገባ ዳሩ ጠጥቶ መልሶ ያብጣል። የድንጋይ መሠረት እያንዳንዱን ግድግዳ ለየብቻው ያወጣዋል፣ ያወርደዋል፤ ብሎኬት ደግሞ መጨመቅን እንጂ መሳብን አይችልም። የደፈንከውም ስንጥቁ ሲዘጋ ተጨፍልቆ ነው የወደቀው።

ግንበኛው፦ ታዲያ ጥልቀቱ?

ኢንጂነሩ፦ ከሚደርቀውና ከሚረጥበው ንብርብር በታች ከወረደ ይጠቅማል። ግንቦት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን እንይ፤ ስንጥቅ ወይም የተላጨ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ገጽ እስካየን ድረስ ገና ነን። ያም ሆኖ ዋልካው የግንቡን ጎን ይዞ ያነሳዋል፣ በግድግዳዎቹ መሀል ያለው ወለልም ያብጣል። የእኛ ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ያልሆነ ቤት ቀላል ስለሆነ ዋልካውን ተጭኖ የሚይዝበት ክብደት የለውም።

ወጣቱ አባል፦ ማት ከተደረገ በኋላ አፈሩ አይንቀሳቀስም ማለት ነው?

ኢንጂነሩ፦ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ እንደ ጎድን የተዘረጋ ወፍራም የኮንክሪት ቢም ያለው ማት ግን ቤቱን እንደ ታንኳ በአንድነት ይዞ ይሄዳል። ቤቱ በመጠኑ ሊያዘነብል ይችላል፣ ግድግዳው ግን አይቀደድም። ጎድን የሌለው ስስ ሰሌዳ ከሆነ ራሱ ይጎብጣል፣ ያኔ ፌሮውን በከንቱ ቀበርን።

ግንበኛው፦ ዋልካውን አውጥተን ቀይ አሸዋ ብንሞላስ?

ኢንጂነሩ፦ በዋልካ የተከበበ ቀይ አሸዋ የክረምቱን ዝናብ ያጠራቅማል፣ ከሥር ያለውንም ያጠጣዋል። ሰሌክት ማቴሪያል የሚባለው የማያብጥ የተመረጠ አፈር በደንብ ተጠቅጥቆ፣ ዙሪያው ሰፊ የሲሚንቶ ንጣፍ ቢኖረው እሺ።

ፀሐፊዋ፦ ዋጋውስ? ፌሮ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ኢንጂነሩ፦ መጀመሪያ አፈሩን እንፈትሽ። 10 ሚሊ ሊትር የደረቀ የተነፋ አፈር ውሃ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ካበጠ፣ ስለ ድንጋይ መሠረት አላወራም። ጭማሪው ከግማሽ በታች ከሆነ የግንበኛውን ሐሳብ እፈርማለሁ።

ፀሐፊዋ፦ እንግዲህ «ከአፈር ምርመራ በኋላ ይወሰናል፤ ባሕር ዛፍ ከቤቱ ይራቅ፤ የሽንት ቤት ቱቦ ከወለሉ ሥር አይለፍ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ግንበኛው፦ ቱቦውን እቃወማለሁ፣ በየት በኩል ሊወጣ ነው?