የመጀመሪያ ሠራተኛ ለምንቀጥር ባለሱቆች፦ የጋራ ማስታወቂያና የጥያቄ ወረቀት እናዘጋጅ

ጸሐፊው፦ ሰላም ወገኖች፣ ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው እስከዛሬ ብቻችንን ወይ ከቤተሰብ ጋር ስንሠራ ቆይተን አሁን አንድ ሰው ልንቀጥር ያሰብን ብዙ ነን፣ ስለዚህ ሁላችንም ሱቃችን ላይ የምንለጥፈው አንድ ማስታወቂያና አንድ የጥያቄ ወረቀት አዘጋጅተን ለጠቅላላ ጉባኤ እናቅርብ። ለመነሻ ይሄን ጽፌያለሁ፦ «ታማኝ፣ ንቁ፣ ልምድ ያላት ሽያጭ ሠራተኛ እንፈልጋለን። ደመወዝ በስምምነት።» አስተያየት ስጡበት።

እትዬ ሸቀጣሸቀጥ፦ ልጄ እንዳትቀየመኝ፣ እኔም የመጀመሪያዬን እንደዚሁ ነበር የጻፍኩት። ስልኬ ሲጮህ ዋለ፣ ሁሉም ታማኝ ነኝ ንቁ ነኝ ነው የሚለው፣ የቀጠርኳት ልጅ ደግሞ ጆንያ ማንሳት እንዳለ ሳታውቅ ገብታ በሁለተኛው ሳምንት ወገቤ ብላ ሄደች። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ እኔ አልነገርኳትም። ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ያለበት ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ ነው፦ ይመዝናል፣ ገንዘብ ተቀብሎ መልስ ይሰጣል፣ ቴሌብር ያያል፣ ዕቃ ይደረድራል፣ 25 ኪሎ ያነሳል፣ ማታ ሂሳብ ይዘጋል። ደሞ «ያላት» አትበል፣ ፆታ አይለይም በል።

ባለቡቲኩ፦ እኔ የምጨምረው ሰዓት ነው፣ ሱቄ ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 3 ክፍት ስለሆነ እሱን እንጻፍ። ለሙከራ ጊዜ ደግሞ 45 ቀን ያለደመወዝ ብናደርግስ፣ ሕጉ ይፈቅዳል።

እትዬ ሸቀጣሸቀጥ፦ 45ቱ በድሮው ነው ወንድሜ፣ በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሆኗል፣ ግን በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ሙከራ ነበር ማለት አትችልም፣ ያለደመወዝ የሚባል ነገርም የለም፣ ሙከራ ላይ ያለም ሠራተኛ ነው። ያልከው ሰዓት ደሞ 14 ሰዓት ነው፣ መደበኛው በቀን 8 በሳምንት 48 ነው። ስለዚህ የሱቁን ሳይሆን የሠራተኛውን ሰዓት ጻፍ፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11፣ መሀል አንድ ሰዓት ምሳ። ጠዋቱንና ማታውን አንተ ትይዛለህ።

የጥግ ሱቅ፦ ማኅበሩ ቅጥር ጀመረ እንዴ? የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ጨርሳለች፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ለማን ላምጣት?

ጸሐፊው፦ ማኅበሩ አይደለም የሚቀጥረው ጋሼ፣ እያንዳንዳችን ነን፣ ወረቀቱን ብቻ ነው በጋራ የምንሠራው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ግን ታመልክት። አሁን ወደ ጥያቄው እንሂድ፣ «ታማኝ ነሽ?» ብሎ መጠየቅ እንደማይጠቅም ገብቶኛል፣ ታዲያ ምን እንጠይቅ?

እትዬ ሸቀጣሸቀጥ፦ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጣቸውና ይሄን አሠራቸው። ጠዋት መሳቢያ ውስጥ 1,000 ብር ዝርዝር ነበር፣ በቀን የተሸጠው 6,450፣ ከዚህ ውስጥ 2,100 በቴሌብር፣ 350 በዱቤ፣ ማታ መሳቢያው ውስጥ ስንት ይጠበቃል? መልሱ 5,000 ነው። ብዙው ሰው ዱቤውን ወይ ጠዋት የገባውን ይረሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ራሱ ካገኘው ይበቃኛል። ከዛ «ስትቆጥሪ 4,880 ብቻ ሆነ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» ትላለህ። «ከኪሴ እሞላለሁ» የምትለዋን ጥሩ ልጅ ናት ብለህ እንዳትቸኩል፣ ዛሬ ከኪሷ የሞላች ነገ ሲተርፍ ዝም ብላ ልትወስድ ትችላለች፣ አንተ ደሞ ሂሳቡ የት እንደሚፈስ መቼም አታውቅም። እኔ የምፈልገው እንደገና ቆጥራ፣ የዱቤ ደብተሩን አይታ፣ የጎደለውን ጽፋ የምትነግረኝን ነው።

ባለቡቲኩ፦ ይሄ እኔንም ጠቀመኝ። አንድ ጥያቄ እኔም ልጨምር፦ ደንበኛ የከፈለበትን ስክሪንሾት አሳይቶ ቸኩያለሁ ቢል? እኔ በሐሰተኛ ስክሪንሾት ሁለት ጫማ ሄዶብኛል፣ ገንዘቡ በሱቁ ስልክ መግባቱን ሳላይ ዕቃ አልሰጥም የሚል ነው የምቀጥረው።

ጸሐፊው፦ ሁለቱም ገብተዋል። ሁሉንም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንጠይቅና መልሱን እዛው እንጻፍ፣ አለበለዚያ መጨረሻ የመጣው ብቻ ነው ትዝ የሚለን። ትዳር፣ እርግዝና፣ ሃይማኖት የሚመለከት ጥያቄ ከወረቀቱ አወጣሁ። የቀረው ደመወዙ ይጻፍ ወይስ በስምምነት ይባል፣ ተያዥስ እንጠይቅ?

የጥግ ሱቅ፦ ያለ ተያዥ እኔ አልቀጥርም፣ መሳቢያዬን ለማላውቀው አልሰጥም።

እትዬ ሸቀጣሸቀጥ፦ ከገጠር የመጣች ልጅ ተያዥ ከየት ታመጣለች ጋሼ? ድሮ የሠራችበት ሰው ስልክ ይብቃን፣ ደውለን እንጠይቅ። ደመወዙ ግን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይጻፍ፣ በስምምነት ስንል ቀኑን በስልክ ነው የምንጨርሰው።

ባለቡቲኩ፦ ደመወዝ ከጻፍን ጎረቤት ሱቅ 500 ጨምሮ ይወስድብናል ብዬ እፈራለሁ።

ጸሐፊው፦ እሺ፣ ሥራውን፣ ሰዓቱን፣ 60 ቀኑንና ሁለቱን ፈተናዎች አስገብቼ ቅዳሜ ረቂቁን አመጣለሁ። ተያዡና ደመወዙ ላይ ባዶ መስመር ትቼ በእጅ ብልጫ እንወስናለን።