ለመጀመሪያ መኪና ሲልቨር ቪትዝ ይሻላል ወይስ ነጭ?

ጥያቄ፣ የአራት ኪሎዋ
ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው። ሁለት የ2003 ሞዴል ቪትዝ አይቻለሁ፤ አንዷ ሲልቨር፣ አንዷ ነጭ። መካኒክ አሳይቼ ሞተራቸው ደህና ነው ተብያለሁ፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ግቢ ስለሌለን መኪናዋ የምታድረው መንገድ ዳር ነው፣ ቀን ደግሞ ካዛንቺስ መሥሪያ ቤት አካባቢ ትቆማለች። በየጊዜው ላቫጆ የምሄድበት ጊዜም ገንዘብም የለኝም። ሁለት ሦስት ዓመት ነድቼ ልሸጣት ነው ሐሳቤ። ቆሻሻ የማያሳይ፣ ሲሸጥም የማያንገላታ ቀለም የቱ ነው? ደላላው ጥቁር ሰማያዊም አለችልሽ ብሎኛል።

የፒያሳ ልጅ
ሲልቨር! ዓይንሽን ጨፍነሽ። እኔ ሲልቨር ኮሮላ ይዣለሁ፣ ሳላሳጥባት ሰንብቼ ሰው "ዛሬ አሳጠብካት እንዴ?" ይለኛል። ሲልቨር ምንም አያሳይም፣ ገዢም አያጣም። ነጭ ከገዛሽ ክረምት ላይ ታለቅሻለሽ።

ባለ ቀይዋ
እኔ ስለ ቀይ ልንገርሽ፣ ደላላው ቀጥሎ ቀይ ቢያመጣልሽ። የኔ ቪትዝ ስገዛት እንደ በርበሬ ቀይ ነበረች። እንዳንቺ ውጭ ነው የምታድረው። አሁን ኮፈኗና ጣሪያዋ ነጥቶ ሮዝ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ በሮቿ ግን ገና ቀይ ናቸው። ሁለት መኪና ገጥመው የሠሯት ነው የምትመስለው። ልሸጣት ሳወጣ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ተጋጭታ ነው?" ብሎ ነው። ተጋጭታ አታውቅም፣ ፀሐይ ነው የበላት።

የሲሲ እናት
እህቴ ሰው ሁሉ ሲልቨር ሲልቨር ይላል እንጂ ግራጫ ወንበር ሲልቨርም ቢሆን ቆሻሻ ያሳያል። ልጆች ካሉሽ ጥቁር የቆዳ ሽፋን አሰፊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጸዳል። እኔ መርካቶ ነው ያሰፋሁት።

የአራት ኪሎዋ
አመሰግናለሁ የሲሲ እናት፣ እኔ ያልኩት የውጭውን ቀለም ነው 😊 ግን የወንበሩንም ይዤዋለሁ።

አባ ቀለም
ሰላም እህቴ። ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ የምነግርሽ በየቀኑ እጄ ላይ ከሚመጣው ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ቆሻሻው። በጋውን መኪናሽ ላይ የሚያርፈው የግንባታና የመንገድ አቧራ ነው፣ ፈዛዛ ነው። ክረምት ደግሞ ከጎማ የሚረጭ ጭቃ ነው። ሲልቨር ውስጥ ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣት ስላለ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ አቧራው እዚያ መሀል ይጠፋል። የፒያሳ ልጅ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ነጭም ቢሆን አቧራ ብዙ አያሳይም፣ የሚያሳየው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ግን ከበሩ ታች ስለሆነ በአንድ ባልዲ ውሃ ራስሽ ታወርጂዋለሽ። ጥቁር ሰማያዊዋን እርሺያት። ሰው ጥቁር ነገር ቆሻሻ ይችላል ብሎ ያስባል፤ ልብስ ላይ ሊሆን ይችላል፣ መኪና ላይ ግን ፈዛዛ አቧራ እንደ ዱቄት ነው ጎልቶ የሚታየው።

ከአቧራው የሚብሰው ደግሞ ጨርቁ ነው። መንገድ ዳር ስታቆሚ ልጆች መጥተው በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉልሻል፣ ደግ ያደረጉልሽ መስሏቸው ነው። አቧራው አሸዋ አለበት። በደረቁ ሲታሽ ቀለሙን ይጭረዋል፣ ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ስታያት ገላዋ ሁሉ በክብ በክብ ጭረት የሚሞላው ከዚህ ነው። ሲልቨርና ነጭ ላይም ይጫራል፣ ግን ካልተጠጋሽ አታይውም።

አሁን ወደ ሽያጩ። እዚህ ላይ ሲልቨር ጠላትሽ ሊሆን ይችላል። ሲልቨር አንድ በር ከተጫረ ያንን በር ብቻ ቀብቶ ከሌላው ጋር ማመሳሰል ከባድ ነው። ኮዱ አንድ ቢሆንም የአሉሚኒየሙ ቅንጣት የሚተኛው እንደ ቀቢው እጅ፣ እንደ ፒስቶላው ግፊትና እንደ ቀለሙ ቅጥነት ነው። ፊት ለፊት ስታይው አንድ ነው፣ ወደ ጎን ሄደሽ ስታይው አንዱ በር ይጠቁራል። ጎበዝ ቀቢ ወደ ጎረቤቱ በርና ፓራፋንጎ እያሳሳ ይቀላቅለዋል፣ ዋጋው ግን የአንድ በር ዋጋ አይሆንም። ተራ ነጭ ቅንጣት የለውም፤ በር ብቻ ብቀባልሽ ማንም አይለይብኝም። ገዢ ደግሞ የቀለም ልዩነት ካየ ግጭት ነው የሚጠረጥረው፣ ጭረት ነበር ብትዪው አያምንሽም።

ስለዚህ ሲልቨር ወይስ ነጭ ከማለትሽ በፊት ከሁለቱ የፋብሪካ ቀለሟ ያልተነካው የቷ እንደሆነች እይ። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሂጂ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ። ማታ በመንገድ መብራት ወይ ልክ ታጥባ እንደወጣች አትይ፣ ውሃ ሁሉንም ቀለም ያሳምራል። ከኋላ መብራቷ ጋ ቁሚና ገላዋን እስከ ፊት መብራቷ ድረስ በአግድም ተመልከቺ። ከዚያ የበሩን ጎማ በጣትሽ ገለጥ አድርጊና ጠርዙን በጥፍርሽ ዳስሺው፤ ቀለም የተቋረጠበት ሸንተረር ካለ በወረቀት ተሸፍኖ የተቀባ ነው። የኮፈኑን ማጠፊያ ቡሎንም እይ፣ ጠርዙ በቁልፍ ከተፋቀ ተፈቷል ማለት ነው። ፓራውልቱ ትንሽ ቢለይ አትደንግጪ፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ከፋብሪካውም ሊለይ ይችላል።

ኮፈኑን ስትከፍቺ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ትንሽ ሳህን አለች፣ C/TR ወይም COLOR የሚል ካገኘሽ አጠገቡ ያለውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። 040 ተራ ነጭ ነው። 070 ከሆነ ግን ፐርል ነው፤ መሠረቱ፣ ፐርሉና ከላይ የሚቀባው ግልጽ ክሊር ሦስት ንብርብር ስለሆነ ከሲልቨርም ይብሳል።

ደላላው ነኝ
አባ ቀለም ያልከው ልክ ነው፣ ግን ሰውን አታስፈራራ። በዚህ ዘመን በ2003 ቪትዝ ላይ ምንም ያልተነካ ቀለም ልፈልግ ያለ ሰው በእግሩ እንደሄደ ይቀራል። ገዢ መጀመሪያ ሞተርና ካምቢዮ ነው የሚያየው። ሲልቨርም ነጭም ቶሎ ይሄዳሉ። የሚያስቸግረኝ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ ነው፤ መሸጡስ ይሸጣሉ፣ ግን ወዳጁን እስክታገኝ ትጠብቃለህ። አንድ በር ተቀባ ብሎ የሚቀር ገዢ አላጋጠመኝም።

አባ ቀለም
አይቀርም፣ ይቀንሳል እንጂ። አንተ ስትገዛ "በሩ ቅብ ነው" ብለህ አስቀንሰህ የለ?

ደላላው ነኝ
እሱ ሥራዬ ነው 😄

ባለ ቀይዋ
እኔ መኪናዋን ወደ ነጭ ላስቀባት ብዬ አስቤ ነበር፣ ይሄ ሐሳብ እንዴት ነው አባ ቀለም?

አባ ቀለም
አታድርጊው። ሊብሬው ላይ ቀለሟ ቀይ ተብሎ ተጽፏል፤ ቀለም ከቀየርሽ ሊብሬውንም ማስቀየር አለብሽ፣ አለዚያ ስም ሲዛወር ጉድ ይፈላል። በዚያ ላይ ሙሉ ቅብ ሲባል ሰው ውጪውን ያስቀባና የበሩን ውስጥና የሞተሩን ክፍል ይተወዋል። ገዢ በሩን ሲከፍት ቀዩን ያያል። ኮፈኑንና ጣሪያውን ብቻ በራሱ ቀይ አስቀቢ።

የአራት ኪሎዋ
ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም አየኋቸው። ከሲልቨሯ ልጀምር። እንዳልከው ከኋላ ቆሜ ሳይ የግራ የኋላ በሯ ከፊተኛው ጠቆር ይላል፣ ፊት ለፊት ስቆም ግን ይጠፋል። የበሩ ጎማ ላይም የቀለም ብናኝ አለ። ባለቤቱን ስጠይቀው "በር ላይ ሞተር ሳይክል ጭሮኝ ነው" አለ። ነጯ 040 ናት፤ ጥፍሬን አልያዘኝም፣ ቡሎኖቹም አልተፋቁም። ግን ጣሪያዋ አያበራም፣ የደበዘዘ ነው። በጥቁር ሹራቤ እጅጌ ነካ ሳደርገው ነጭ ዱቄት ያዘኝ። ይሄ የተበላሸ ቀለም አይደለም እንዴ?

የፒያሳ ልጅ
በቃ ሲልቨሯን ውሰጃት። ዱቄት የሚያራግፍ መኪና ማን ይገዛል?

አባ ቀለም
ዱቄቱ ጥሩ ምልክት ነው። በድሮ ቶዮታ 040 ላይ ብዙ ጊዜ ከላይ ክሊር አይደረግም፣ ቀለሙ ራሱ ነው ላይ ያለው። ፀሐይ ሲመታው ላዩ ይሞትና ዱቄት ይሆናል። ዱቄት ካራገፈ ክሊር የለውም፤ ቀቢዎች አሁን ሲቀቡ ደግሞ ክሊር መጨመር ይወዳሉ፣ ስለዚህ ጣሪያው የፋብሪካው ሳይሆን አይቀርም። የሞተውን ላዩን በኮምፓውንድና በፖሊሽ አስነስተሽ ሰም ብታስቀቢው ይመለሳል። ግን ደጋግመሽ አታስፈግፊው፣ በፖሊሽ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ከሥሩ ያለው መታየት ከጀመረ አለቀ። የሲልቨሯን ጣሪያም አይተሻል? እዚያ ላይ ክሊሩ እንደ ቆዳ መላጥ ከጀመረ ፖሊሽ አያድነውም፣ መቀባት ነው።

ደላላው ነኝ
እኔ አሁንም ሲልቨሯ ቶሎ ትሸጣለች ባይ ነኝ። ግን በሯን ጠቅሰሽ ዋጋ አስቀንሺ፣ እሱ እንኳ መብትሽ ነው። የሞተር ሳይክሉን ታሪክ ደግሞ ዝም ብለሽ አትመኚ፤ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ በሩ ላይ አስጠጊ። እንደ ሌላው በር ካልያዘ ውስጡ ስቱኮ ነው፣ ጭረት ብቻ አልነበረም።

የአራት ኪሎዋ
የሲልቨሯን ጣሪያ አላየሁም፣ በሯን ሳይ ረሳሁት 😅 ቅዳሜ ማግኔት ይዤ ወንድሜን አስከትዬ እመለሳለሁ። አባ ቀለም፣ የነጯን ጣሪያ ፖሊሽ መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ባለቤቱን ላስደርገው ወይስ ቀንሶልኝ ራሴ ላስደርገው?

አባ ቀለም
ይቀንስልሽና ራስሽ አስደርጊው። ሊሸጥ ያለ ሰው ለዛሬ የሚያበራለትን ነው የሚፈልገው፣ በማሽን በኃይል ያስፈግፈውና ጠርዙን ያስበላልሻል። ቅዳሜ ሁለቱንም ጣሪያዎች ፎቶ አንሺልኝ፣ ከጎን በኩል እንጂ ከላይ አይሁን።