ውላችን ሳያልቅ ኪራይ ተጨመረብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ሁለት ክፍል ቤት በወር 8,000 ብር ተከራይቼ እኖራለሁ። የሁለት ዓመት ውላችንን በምስክሮች ፊት የፈረምነው መስከረም 2017 ነው። አራተኛው ተራ ቁጥር «በውሉ ዘመን የኪራይ ጭማሪ አይደረግም» ይላል፤ ይህን ያጻፉትም ራሳቸው አከራዬ ናቸው። ባለፈው እሑድ ግን በር ላይ ቆመው «ከመጪው ወር 12,000 ነው፤ ካልሆነ ልቀቂ» አሉኝ።

እንዲህ ብዬ ልጽፍላቸው ነው፦

«ጋሼ፣ ኑሮ መወደዱን አልክድም። ሆኖም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 መሠረት በአግባቡ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ቁጥር 1764 ደግሞ ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ስለዚህ ውሉ እስኪያልቅ 8,000 ብሩን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ስለ አዲስ ዋጋ ያን ጊዜ እንነጋገር።»

የቸገረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኪራዩን እስከ ዛሬ በእጃቸው ነበር የምሰጣቸው፤ አሁን 8,000 ብር አልቀበልም ብለዋል። ዝም ብል «አልከፈለችም» ብለው ይከሱኛል፤ 12,000 ብር ብሰጥ ደግሞ በጭማሪው የተስማማሁ ይመስላል። የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸው ውሉ ላይ ስላለ፣ በምክንያቱ ቦታ «የወሩ ኪራይ፣ በውሉ መሠረት» ብዬ 8,000 ብሩን አስገብቼ ደረሰኙን ብይዝ ይበቃኛል? ወይስ ገንዘቡን ፍርድ ቤት ማስቀመጥ ይኖርብኛል? ደብዳቤውን ፈርመው አልቀበልም ቢሉስ፣ መድረሱን በምን ላስረዳ? እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው ወሩ ሳይገባ ቢመልስልኝ።